«ስለ ባህልህ ጻፍ» የሚለው ምክር ስንቱን አሳሳተ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለመማር የሚያመለክት ተማሪ ከዋናው ድርሰት በተጨማሪ አጫጭር ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። ከእነዚህ አንዱ አጠያየቁ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው፤ ከየትኛው ማኅበረሰብ መጣህ? በመካከሉ ምን ቦታ አለህ? ወደ ግቢያችን ስትመጣስ ለሌላው ተማሪ ምን ይዘህ ትመጣለህ? የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ይህን ለዓመታት በ300 ቃላት ይጠይቅ ነበር። ሃርቫርድ በ2023 ባወጣው ቅጽ 200 ቃላት ሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ 150 አወረደው።

በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ልጆቻችን የሚሠሩት ስህተት በአመዛኙ አንድ ዓይነት ነው። አዲስ አበባ ያለውም፣ ዋሽንግተን አካባቢ ተወልዶ ያደገውም ረቂቁን ሲያሳየኝ ገና ከመጀመሪያው መስመር ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። ስህተቱ ከስንፍና የመጣ ቢሆን ባልተናደድኩ። ተምሮ የመጣው ነው።

ተረት፦ «ኢትዮጵያዊ መሆንህ ራሱ አስተዋጽኦ ነው፤ ስለ ባህልህ ጻፍ»

በዚህ ምክር የተጻፈ ድርሰት በቡና ይጀምራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይዘረዘራሉ፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ቄጠማው ይጎዘጎዛል። ከዚያ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ፣ ዐድዋ፣ አሥራ ሦስት ወር ያለው የዘመን መቁጠሪያችን ይከተላሉ። በመጨረሻም ጸሐፊው «ይህን የበለጸገ ባህል ለግቢያችሁ አካፍላለሁ» ብሎ ይዘጋዋል።

ምክሩ ፈጽሞ ከንቱ ነው አልልም። ጥያቄው በእርግጥ ከየት እንደመጣን ይጠይቃል። ቡና አፍልቶ ጎረቤት የሚጠራ ቤት ውስጥ ማደግ ሰው ይቀርጻል፤ ብዙ አሜሪካዊ ተማሪ የማያውቀው ነገርም ነው። እናትና አባት «ማንነትህን አትርሳ» ሲሉ ከፍቅር ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላው ወገን ነው፤ ገንዘብ እየተቀበለ ወይም በቴሌግራም «ያለፈ ድርሰት» እያዞረ ያንኑ የቡና አንቀጽ ለመቶ ልጅ የሚያድል «አማካሪ»። ልጁ የራሱን ታሪክ የሚናገርባትን ቦታ የወሰደበት ይህ ሰው ነው።

እውነታው የሚጀምረው ከአንባቢው ነው። ብዙ ተማሪ የሚመርጡ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻዎችን ለቅበላ ሠራተኞቻቸው የሚያከፋፍሉት በአብዛኛው በአካባቢ ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ፋይል የሚያነበው ሰው የጎረቤትህንም፣ የክፍል ጓደኛህንም ፋይል ያነባል ማለት ነው። የቡናውን ሥርዓት አንተ ከመጻፍህ በፊት ከሌሎች ደጋግሞ አንብቦታል። የዲያስፖራ ልጆችን ፋይል የሚያነበው የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሠራተኛም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። 300 ቃላት አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ቡናው መቶውን፣ ታሪኩ ሌላ መቶውን ከወሰደ፣ ተማሪው ራሱ ወደ ታሪኩ የሚገባው ቦታው ሲያልቅ ነው። አንባቢው ወረቀቱን ሲያስቀምጥ ስለ ኢትዮጵያ ጥቂት ነገር አውቋል፤ አመልካቹ ዶርም ሲገባ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ግን ምንም አላወቀም። የተጠየቀው ደግሞ ይኸው ነበር።

አንድ ምሳሌ ላሳይ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ የመጀመሪያ ረቂቁ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «በባህላችን ጎረቤት እንደ ቤተሰብ ነው። ደስታንም ኀዘንንም አብረን እንካፈላለን።» እውነት ነው፤ ግን ማንም ሊፈርምበት ይችላል። ስለ ጎረቤቶቹ ምን እንደሚያውቅ ስጠይቀው ዝም አለ። «በመጨረሻ የተጣሉት በምን ነበር?» ስለው ግን አፉ ተፈታ።

በውሃ ነበር። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው የሚመጣው። ነዋሪው አዋጥቶ የገዛው ፓምፕ ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ ነው። ምድር ቤት ያሉት ቀድመው ሮቷቸውን ሲሞሉ አራተኛ ፎቅ ያሉት ባዶ ጄሪካን ይዘው ያድራሉ፤ ጠዋት ደረጃ ላይ ጭቅጭቅ ነው። ልጁ በደብተር ውሃው መቼ እንደመጣ፣ ለማን እንደደረሰ መመዝገብ ጀመረ። ከዚያ ተራውን ከላይ ወደ ታች የሚያወርድ ሰንጠረዥ ሠርቶ ደረጃው ላይ ለጠፈ። ምድር ቤት ያሉ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ወረቀቱን ቀደዱት።

ልጁ ሌላ ወረቀት ከመለጠፉ በፊት ሄዶ አነጋገራቸው። ሊጥ የሚያቦኩት ሐሙስ ማታ ነው፤ ያን ቀን ውሃ ካጡ የሳምንቱ ገቢያቸው ቀረ። የሐሙስን የመጀመሪያ ተራ ለእሳቸው ሰጥቶ፣ በምትኩ ሌላውን ቀን መጨረሻ አደረጋቸው፤ ይህንንም በስብሰባ አስጸደቀ። ጭቅጭቁ ሁሉ አልጠፋም፤ ወረቀቱን ግን ዳግመኛ የቀደደው የለም።

አዲሱ ድርሰት ይህን ብቻ ያዘ። ወደ ስልሳ የሚሆኑ ቃላት ሕንጻውንና ጠቡን አሳዩ። ወደ መቶ ሃምሳ የሚሆኑት ደብተሩን፣ የተቀደደውን ወረቀትና ከእናቲቱ ጋር የተደረገውን ንግግር ተረኩ። የቀሩት ደግሞ እኩል ተራና ፍትሐዊ ተራ አንድ እንዳልሆኑ መረዳቱን፣ ላቦራቶሪም ሆነ ወጥ ቤት በጋራ በሚጠቀሙ ተማሪዎች መካከል ይህን እንዴት እንደሚያደርገው ተናገሩ። «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም አንድ ጊዜ ብቻ ተነሣ፤ አገሩ ግን በእያንዳንዱ መስመር ይታያል።

ይህ ድርሰት ብቻውን ያስገባዋል ማለት አይደለም። ውጤት፣ የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ ለውጭ ተማሪ ደግሞ የገንዘብ ድጋፍ ጉዳይ ሁሉ አለ፤ ድርሰቱ ምን ያህል እንደሚመዝን ከውጭ ሆኖ በትክክል መናገር የሚችል የለም። ሆኖም አንባቢው ስለዚህ ልጅ አንድ የማይረሳ ነገር ያውቃል። የቡናው ረቂቅ ያን አይሰጥም።

ቡና ይከልከል ያልኩ እንዳይመስልባችሁ። የተኳረፉ ሁለት ጎረቤቶችን ለማስታረቅ ቡና ያፈላችው ልጅ፣ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠና ዝምታውን ማን እንደሰበረ ከጻፈች፣ ቡናው የእሷ ሆኗል። መለያው ቀላል ነው፤ ስማችሁን ሸፍናችሁ ለክፍል ጓደኛችሁ ስጡት። ሳይቀይር በስሙ መላክ ከቻለ ድርሰቱ ገና የእናንተ አልሆነም።

ተረት፦ «ችግርህን በደንብ አስለቅሰህ ጻፍ»

ችግር ያለፈበት ሰው መደበቅ የለበትም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ስለ ደረሰብህ ሳይሆን ከሌሎች ጋር ስላደረግኸው ነው። በትምህርትህ ላይ ጫና ያሳደረ የቤተሰብ ሁኔታ ካለ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ቅጽ ለእሱ የተለየ ቦታ አለው፤ እዚያ በግልጽና በአጭሩ ይጻፍ። ያልደረሰ ችግር ፈጥረህ ጻፍ የሚል አማካሪ ካጋጠማችሁ ግን ገንዘባችሁን አስመልሳችሁ ውጡ።

ተረት፦ «ፕሬዚዳንት ካልሆንክ፣ ድርጅት ካላቋቋምክ የምትጽፈው የለህም»

ማዕረግ የሚጻፍበት ቦታ ሌላ ነው። ኮመን አፕ ላይ እስከ አሥር የሚደርሱ ተሳትፎዎች ይዘረዘራሉ፤ ለእያንዳንዱ 150 ፊደል ያህል ቦታ አለ። ድርሰቱ ያንን ዝርዝር ከደገመ አንባቢው አዲስ ነገር አላገኘም። ሰኔ ላይ ተከፍቶ ጥቅምት ላይ የሚዘጋ «የበጎ አድራጎት ድርጅት»ም ለማመልከቻ መቋቋሙ ይታወቃል። ታናናሾቹን በየቀኑ የሚያስጠና፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የሚያለማምድ፣ በአባቱ ሱቅ የዱቤ መዝገብ የሚይዝ ልጅ በቂ ነገር አለው።

ተረት፦ «ገብቼ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር አቋቁማለሁ ብለህ ቃል ግባ»

መጀመሪያ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ። በብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር ዱሮውኑ አለ፤ የሌለ መስሎት አቋቁማለሁ የሚል ተማሪ ስለ ትምህርት ቤቱ አለማንበቡን በራሱ እጅ ይመሰክራል። ደግሞም ከዚህ በፊት ያልተሠራ ነገር ተስፋ ብቻ ነው። የወደፊቱን የሚያሳምነው ያለፈው ነው።

ተረት፦ «ከ2023ቱ ፍርድ በኋላ ዘርንና ማንነትን ማንሳት ተከልክሏል»

ይህ በተለይ የዲያስፖራ ወላጆችን አስፈርቷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 2023 በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ የወሰነው፣ ዩኒቨርሲቲዎች ዘርን በራሱ መመዘኛ አድርገው ለቅበላ እንዳይጠቀሙበት ነው። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በጻፉት ውሳኔ ግን አመልካቹ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው ቢጽፍ ዩኒቨርሲቲው ያንን ከማየት እንደማይከለከል ተገልጿል፤ ነገሩ አመልካቹ ራሱ ለዩኒቨርሲቲው ሊያበረክት ከሚችለው ጠባይ ወይም ችሎታ ጋር በተጨባጭ እስከተያያዘ ድረስ። «ሐበሻ ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሐበሻ በመሆኔ ይህ ገጠመኝ፣ ይህን አደረግሁ፣ ይህን ተማርኩ ማለት ግን ይቻላል። ከውሳኔው በኋላ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ጥያቄያቸውን በዚሁ መልክ እንደገና ጽፈዋል።

ተረት፦ «አንድ ድርሰት ለሁሉም ይበቃል»

ታሪኩ አንድ ሊሆን ይችላል፤ መልሱ ግን አይሆንም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከስምንት ጥያቄዎች አራቱን አስመርጦ ለእያንዳንዱ እስከ 350 ቃላት ይሰጣል፤ አንዱ ጥያቄ ትምህርት ቤትህን ወይም ማኅበረሰብህን የተሻለ ለማድረግ ምን ሠራህ የሚል ነው። እዚያ ስለ ወደፊቱ ግቢ ማውራት ቦታ ማባከን ነው፤ የውሃው ልጅ የመጨረሻውን አንቀጽ ቆርጦ ስለ ስብሰባው ይጨምር። ሂውስተን ያለው ራይስ ዩኒቨርሲቲ በተቃራኒው እያንዳንዱን ተማሪ ተማሪዎች ራሳቸው በሚያስተዳድሩት የመኖሪያ ኮሌጅ ይመድባል፤ ከድርሰት አማራጮቹም አንዱ ስለዚሁ አኗኗር ነው። እዚያ ተራ ስለማውጣትና የተቃወመን ጎረቤት ስለማነጋገር መጻፍ በቀጥታ ጥያቄውን መመለስ ነው።

ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ይቀየራሉ፤ ኮመን አፕም በየዓመቱ ኦገስት 1 ታድሶ ይከፈታል። ያለፈውን ዓመት ጥያቄ ይዛችሁ አትጻፉ። አዲሱን ከዩኒቨርሲቲው ገጽ አውጡ፤ ያለፈውን የሚጠይቁ ግሦች የትኞቹ እንደሆኑ፣ የሚመጣውን የሚጠይቁት የትኞቹ እንደሆኑ አስምሩባቸው፤ ለእያንዳንዱ ግሥ አንድ ያደረጋችሁትን ነገር ጻፉበት። መልስ ያላገኘ ግሥ ካለ ድርሰቱ አላለቀም።