«ዶን» በ28 ዓመቱ ሲመለስ

በህንድ ፊልም ፍቅር ያደገ ሰው አንድ ነገር በደንብ ያውቃል፦ አክተር አይሞትም። ቢመታም ይነሳል፤ ቢከዱትም ያሸንፋል። የሚወዱት ፊልም በሌላ ተዋናይ እንደገና ተሠራ ሲባል ግን ልብ ይከፈላል። አንዱ ወገን ለማየት ይቸኩላል፣ ሌላው የልጅነት ትዝታው እንዳይበላሽ ይሸሻል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ለዚህ «ዶን»ን ያህል የሚያስተምር ፊልም ማግኘት ይከብዳል። (ከዚህ በታች የሁለቱም «ዶን»ና የ«ሾሌ» ምስጢሮች ይገለጣሉ፤ ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1978 የወጣው የቻንድራ ባሮት «ዶን» አሚታብ ባቻንን ሁለት ሰው አድርጎ ያሳያል። ዶን የወንበዴዎች አለቃ ነው። ፖሊስ ሲያሳድደው ይሞታል፤ መሞቱን የሚያውቀው ግን ዲሲልቫ የተባለው የፖሊስ ኃላፊ ብቻ ነው። ዲሲልቫ ቪጃይ የሚባል መልኩ ከዶን ጋር አንድ የሆነ የዋህ ሰው ፈልጎ አገኘና ዶን መስሎ ወንበዴዎቹ መካከል እንዲገባ አደረገው። ከዚያ ዲሲልቫ ራሱ ተገደለ። አሁን ቪጃይ ዶን አለመሆኑን የሚመሰክርለት ሰው በምድር ላይ የለም። ፖሊስም ወንበዴም ያድነዋል።

ፊልሙ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ተመልካቹ እውነቱን ያውቃል፣ በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች አያውቁም። የሚያስጨንቀን መኪናው ወይም ተኩሱ አይደለም፤ እኛ የምናውቀውን ንጽሕና ሌላው ሰው አለማወቁ ነው።

በ2006 ፊልሙን ዳግም የሠራው ፋርሃን አክታር ነው። አባቱ ጃቬድ አክታር የመጀመሪያውን ታሪክ ከሳሊም ካን ጋር የጻፈ ሰው ነው። ዋናውን ሚና ሻሩክ ካን ወሰደ፣ ታሪኩም ወደ ማሌዥያ ተሻገረ። የመጀመሪያውን የሚወድ ሰው ይህን ብቻ ሰምቶ ቢያኮርፍ አይፈረድበትም። ሕንጻው ረዝሟል፣ ልብሱ አምሯል፤ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ለማየት የሚበቃ አይሆንም ነበር።

ልጁ ግን አባቱ ያቆመውን ምሰሶ ለይቶ አውቆታል። ተመልካቹ እውነቱን እንደሚያውቅ እርግጠኛ የሆነበትን ነገር ራሱን ወጥመድ አደረገው። በ1978ቱ ፊልም የኢንተርፖል መኮንን መስሎ የገባው ማሊክ በመጨረሻ ቫርዳን የተባለው ወንጀለኛ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ያንን ፊልም የሚያውቅ ሰው በ2006ቱ ማሊክን ገና ሲያየው ይጠረጥራል። ተሳስቷል፤ አሁን ቫርዳን የሆነው ዲሲልቫ ነው፣ ቪጃይን ያሰማራው ሰው! ከዚህ የባሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ ይመጣል፦ ስናዝንለት የቆየነው «ቪጃይ» ራሱ ዶን ነበር። ከሞት ተርፎ የየዋሁን ሰው ቦታ ይዟል። አክተር አይሞትም የሚለው እምነታችን ሌባውን እንድናቅፍ አደረገን።

ይህ ፊልም የተሠራው የመጀመሪያውን አይተው ለወደዱ ሰዎች ነው ማለት ይቻላል። የማያውቀው ሰው መገለባበጡን ይወደዋል፤ የሚያውቀው ግን ይታለላል።

የጠፋ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። የአሚታብ ቪጃይ ጣዕሙ የገጠር ሰውነቱ፣ አነጋገሩና ሳቁ ነበር። ሻሩክ ካን ዶንን ሲጫወት ያስፈራል፤ ቪጃይን ሲጫወት ግን ያን ያህል አይሞቅም። የአሚታብን ቪጃይ ፍለጋ የሚገባ ሰው አዝኖ ይወጣል።

ምሰሶውን ያልለየ ሪሜክ ምን እንደሚመስል ለማየት በ2007 የወጣውን የራም ጎፓል ቫርማን «አግ» መመልከት ይበቃል። መነሻው የ1975ቱ «ሾሌ» ነው። በ«ሾሌ» ታኩር ሁልጊዜ ሻርፕ ደርቦ ነው የምናየው፤ ሻርፑ ሲወድቅ ሁለቱም ክንዶቹ እንደተቆረጡ እናያለን። ሌሎችን ለምን እንደቀጠረ፣ ለምን በገዛ እጁ እንዳልተበቀለ በዚያች ቅጽበት ይገባናል። በ«አግ» የተቆረጡት ጣቶች ናቸው። ጥቃቱ ያው ነው፣ ድንጋጤው ግን የለም። የተራራው መንደርም በከተማ ተተክቷል፤ ሩቅ ድንጋያማ አገር ውስጥ ረዳት የማጣቱ ፍርሃት አብሮ ጠፍቷል። አሚታብ ራሱ ወንበዴውን ሆኖ መጫወቱም ፊልሙን አላዳነውም።

እንግዲህ ሪሜክ ለማየት የሚያመነታ ሰው ተዋናዩ ማን ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት የመጀመሪያውን ፊልም የያዘበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ለራሱ ይንገረው። ከዚያ አዲሱን ግማሽ ሰዓት ይመልከት። ያ ነገር ሳይነካ ከተደገመ፣ የድሮውን አውጥቶ ማየት ይሻላል። ከተዳከመም መዝጋት ነው። ተይዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲታጠፍ ካየ ግን እስከ መጨረሻው ይቀመጥ። በዚህ ሚዛን የፋርሃን «ዶን» መታየት ይገባዋል፤ የመጀመሪያውን አስቀድሞ ላየ ሰው ደግሞ በእጥፍ።