ገበር የሌለው ኮት

ዕድሜያቸው የገፋና ልብስ ማማረጥ የማይወዱ ወንዶች ቅዳሜና እሑድ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይለብሳሉ፤ ወይ ሹራብ፣ ወይ የድሮ ሙሉ ልብስ ኮት። ሹራብ ይመቻል፤ ግን ገላ ላይ ስለሚለጠፍ ጎበጥ ያለውን ትከሻና የወጣውን ሆድ እንዳለ ያሳያል። የሙሉ ልብስ ኮት ቅርጽ ይሰጣል፤ ሆኖም ጨርቁ ልሙጥና ደንዳና ስለሆነ ከሌላ ሱሪ ጋር ሲለበስ ጥንዱ የጠፋበት መሆኑ ያስታውቃል። እንደ እኔ እምነት ለእነዚህ ሰዎች የሚበጀው ሦስተኛው ነው፤ ገበርና የትከሻ ስፖንጅ የሌለው ኮት።

ይህ ኮት የተወለደው ኔፕልስ፣ ጣሊያን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጄናሮ ሩቢናቺ ልብስ ቤት ይሠራ የነበረው ቪንቼንዞ አቶሊኒ የእንግሊዞቹን ኮት ስፖንጅና ገበር እያወጣ ለሞቃት አገር የሚሆን ቀላል ልብስ አደረገው። በ1970ዎቹ ደግሞ ጆርጆ አርማኒ ይህንኑ አስተሳሰብ በብዛት ወደሚመረት ልብስ አመጣው። ውስጡ ከቀለለ በኋላ ቅርጹን የሚይዘው ጨርቁና የልብስ ሰፊው አቆራረጥ ነው። እጅጌው ግን ሸሚዝ ላይ እንዲንሸራተት ገበሩ አይነሳለትም።

“ስፖንጅ ከሌለው ይረግባል፣ ይጨማደዳል” የሚሉ አሉ። ስስ ጥጥ ወይም ተልባ እግር ከሆነ እውነታቸውን ነው። ከበድ ያለና ሸካራ የሱፍ ጨርቅ ግን ሲሰቀል መጨማደዱ ይለቀዋል። ሥራው ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ኮቱን ገልብጦ ማየት ነው፤ ገበር የሚሸፍነው ነገር ስለሌለ የስፌቱ ጠርዝ ሁሉ በጥብጣብ ተጠቅልሎ መገኘት አለበት። የተተለተለ ክር ከታየ ተዉት።

ይበልጥ የሚያሳስበው ልኩ ነው። ሰው ሲጎብጥ ጀርባው ብዙ ጨርቅ ይፈልጋል፣ ደረቱ ደግሞ ያነሰ ይበቃዋል። ስለዚህ ለቀጥ ያለ ሰው የተሰፋ ኮት ከኋላ ወደ ላይ ይሳባል፣ ከፊት ይወርዳል፣ ኮሌታውም ከአንገት ይርቃል። ብዙዎች ኮቱ የጠበባቸው ይመስላቸውና ሰፋ ያለ ይገዛሉ፤ ያኔ ትከሻው ይወድቅና ችግሩ ይብሳል። መፍትሔው ትከሻው በልክ የሆነውን መርጦ፣ ልብስ ሰፊው ኮሌታውን ፈትቶ የጀርባውን ትርፍ እንዲያስተካክለው ማድረግ ነው። ትርፍ ጨርቅ ካልተተወለት ግን ብዙ አይረዳም።

ለምሳሌ ሆዳቸው ገፋ ያለ የስድሳ አምስት ዓመት ሰው ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ኮት፣ ነጣ ያለ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ግራጫ ሱሪና ቡናማ የቆዳ ጫማ ይበቃቸዋል፤ ክራባት አያስፈልግም። ኮቱ ሳይቆለፍ ከትከሻ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ሆዱን አጥብቆ አይዝም። ኪሶቹም ከላይ የተሰፉ ስለሆኑ መነጽርና ስልክ ይይዛሉ። አዲስ አበባ ጠዋት ሲበርድ ከሥሩ ስስ ሹራብ ይጨመራል፣ ቀን ላይ ይወልቃል።