ቅይጥ ቃልን ወደ አንድ ቋንቋ ስለ መመለስ

በዋሽንግቶን የሚኖር አንድ ልጅ ለእናቱ በስልክ የላከውን ቃል እንዳነብላቸው እኒሁ እናት ባለፈው ሰሞን ወደ ቤቴ መጥተው ነበር። ቃሉም እንዲህ ይላል። «እማዬ፥ በጣም ሚስ አድርጌሻለሁ። ሰርጀሪዬ ፖስትፖን ስለ ተደረገ ፍላይቴን ካንስል አላደርግም። ኤርፖርት ፒክ የሚያደርገኝ ሰው አሬንጅ አድርጊልኝ፤ ፕሮባብሊ ፍራይደይ ሞርኒንግ ኤይት ላይ እደርሳለሁ።»

ከእኔ አስቀድሞ አንድ የጎረቤት ጎረምሳ ሊተረጕምላቸው ሞክሮ ኖሯል። እርሱም ሰርጀሪው «ተሰርዟል» ብሎ ስለ ነገራቸው፥ ልጄ ድኗል ብለው ስለታቸውን ሊያስገቡ ተነሥተው ነበር። ልጁ ግን አልዳነም፤ የቀዶ ሕክምናው ቀን ብቻ ወደ ፊት ተላልፏል።

ይህን የመሰለ ንግግር የተመለከተው ሰው አጥንቱ አማርኛ መሆኑን ያገኘዋል። እንግሊዝኛው ቃል ጊዜም፥ ባለቤትም፥ አፍራሽም ሳይዝ ራቁቱን ይገባል፤ ይህን ሁሉ የሚሸከምለት «አደረገ» የሚለው ግሥ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ባዕዱን ቃል ብቻ ነቅሎ ማውጣት አይገባውም፤ ከነ ተሸካሚው አንሥቶ በአንድ የአማርኛ ግሥ ይተካዋል፤ «አደረገ» ይዞት የነበረውንም ቅጥያ ለአዲሱ ግሥ ያወርሰዋል። «ካንስል አላደርግም» የነበረው «አልሰርዝም»፥ «ፖስትፖን ተደረገ» የነበረውም «ተላለፈ» ይሆናል። ባዕዱን ቃል ብቻ አውጥቶ «ስረዛ አላደርግም» የሚል ሰው ግን ልብሱን እንጂ ሰውየውን አልለወጠም። ይኸው ልማድ እንግሊዝኛ በሌለበት በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሳይቀር ይታያል፤ «መረመረ» ማለት ሲበቃ «ምርመራ አደረገ» ተብሎ ሲጻፍ እናነባለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው «ሚስ» የሚለው ቃል ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱ ቃል ብዙ መንገድ ሲኖረው «አንድም» እያሉ እንደሚያወርዱት፥ ይህም ቃል እንዲሁ መውረድ አለበት። ሚስ ማድረግ መናፈቅ ነው፤ አንድም ባቡሩን ሚስ አደረግሁት ሲል ባቡሩ አመለጠኝ ማለት ነው፤ አንድም ኢላማን መሳት ነው። በሁለቱ ፊተኞች መንገዶች አማርኛችን ባለቤቱን ይገለብጠዋል። በእንግሊዝኛው ናፋቂው ባለቤት ሲሆን፥ በእኛ ግን ባለቤቱ የተናፈቀው ነው፤ ናፋቂው ከግሡ ጫፍ ተጠግቶ ይቀመጣል። ስለዚህ «ሚስ አድርጌሻለሁ» ማለት «ናፍቀሽኛል» ማለት ነው። ጎረምሳው ቃል በቃል ሄዶ «ናፍቄሻለሁ» ብሏቸው ነበር። «አገሩን ናፈቀ» የሚል አነጋገር በመጻሕፍት ቢገኝም፥ በዘወትር ንግግር «ናፍቄሻለሁ» የሚለውን የሰማች እናት የምትረዳው እርሷ ልጁን እንደ ናፈቀች ነው። እኚህም እናት «የኔንማ እኔ አውቀዋለሁ፤ የርሱን ንገሩኝ» አሉኝ።

«ፕሮባብሊ»ን ብዙ ሰዎች «ምናልባት» ይሉታል። ነገር ግን ምናልባት መምጣትንና መቅረትን እኩል አድርጎ የሚያይ ነው፤ ልጁ ያለው ግን መምጣቱ ይበልጣል ነው። ለዚህ አማርኛ ተውሳከ ግሥ ሳይፈልግ በግሡ ራሱ «ሳልደርስ አልቀርም» ይላል። «ኤይት ላይ» የተባለውም ስምንት ሰዓት ተብሎ ቢተረጐም እናት ከቀትር በኋላ ወጥተው ልጃቸውን ባላገኙት ነበር፤ የፈረንጅ ጧት ስምንት በእኛ አቈጣጠር 2 ሰዓት ነውና።

ባዕድ የሆነውን ቃል ሁሉ ማባረር ግን አይገባም። ኤርፖርትን አውሮፕላን ማረፊያ ስንለው፥ አውሮፕላን ራሱ ከባዕድ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ባንክና ፖስታም እንዲሁ ከውጭ ገብተው ባላገር ሆነዋል። መለያው ቀላል ነው፤ እንግሊዝኛ ያልተማረ ሰው ሰምቶት ምንድር ነው ብሎ ካልጠየቀ ቃሉ የእኛ ነው።

በመጨረሻ ለእናቲቱ ያነበብሁላቸው ይህ ነው። «እማዬ፥ በጣም ናፍቀሽኛል። ቀዶ ሕክምናዬ ለሌላ ጊዜ ስለ ተላለፈ ጕዞዬን አልሰርዝም። አውሮፕላን ማረፊያ መጥቶ የሚቀበለኝ ሰው አዘጋጂልኝ፤ ዐርብ ጧት በ2 ሰዓት ሳልደርስ አልቀርም።»

እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ «ለመቼ ነው ያስተላለፉት?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ በእንግሊዝኛውም በአማርኛውም ስላልተጻፈ፥ ስልኩን አንሥተን ልጁን ራሱን ጠየቅነው።