በባንክ መግለጫ ላይ የማናውቀው መስመር

የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ ብዙዎቻችን ስቴትመንት የምንለው ወረቀት፣ እጃችን ሲገባ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው መጨረሻው መስመር ላይ ነው። ቀሪው ከገመትነው ጋር ከተቀራረበ ወረቀቱን አጥፈን እናስቀምጣለን። ያልታወቀ ወጪና ገቢ ሳይታይ የሚያልፈው በዚህ የተነሳ ነው። ወረቀቱ መነበብ ያለበት ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ ጊዜ አንድ መስመር እየተያዘ ነው። የምናስታውሰውን መስመር በእርሳስ ምልክት እናደርግበታለን፤ ምልክት ያልተደረገበት ብቻ ለምርመራ ይቀራል።

ለምርመራው ከሁሉ የሚጠቅመው ብዙ ሰው ልብ የማይለው የሪፈረንስ ቁጥር ነው። አገራችን ውስጥ በርካታ ደንበኞች ያሏቸው ባንኮች በሚጠቀሙበት አሠራር ቁጥሩ ይህን ይመስላል፦ FT24187K7M2Q። FT ማለት ገንዘቡ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ተዛውሯል ማለት ነው፤ በመስኮት ገንዘብ ከፋይ ዘንድ የተፈጸመ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በ TT ይጀምራል። ቀጥሎ ያለው 24 የፈረንጆቹ 2024 ዓ.ም. ሲሆን 187 ደግሞ የዚያ ዓመት 187ኛ ቀን ነው። የመጨረሻዎቹ አምስት ፊደላትና ቁጥሮች ያንን ዝውውር በዕለቱ ከተፈጸሙት ሁሉ ይለዩታል። ሌላ ዓይነት ቁጥር የሚሰጡ ባንኮችም ስላሉ መጀመሪያ ቀኑን የምታውቁትን አንድ ዝውውር ወስዳችሁ ሞክሩት።

አንዲት የልብስ ነጋዴን እናስብ። በመግለጫዋ ላይ ጁላይ 9 ቀን 2024፣ በእኛ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ 3,000 ብር ገቢ ሆኗል። የላኪ ስም የለም፤ በማብራሪያው ላይ ያለው ከላይ ያየነው ቁጥር ብቻ ነው። ዱቤ የወሰደ ደንበኛ የከፈላት መስሏት ከዕዳው ልትሰርዝለት ትችላለች። ቁጥሩን ስታነበው ግን ነገሩ ሌላ ነው። 2024 የካቲታቸው 29 ቀን የነበረበት ዓመት ስለሆነ እስከ ጁን መጨረሻ 182 ቀን ይሆናል። ከ187 ላይ 182 ሲቀነስ 5 ይቀራል፤ ስለዚህ የዝውውሩ ቀን ጁላይ 5፣ ዓርብ ሰኔ 28 ነው። ገቢ ከሆነበት ቀን በአራት ቀን ይቀድማል።

ወደ ሰኔ 28 መስመሮች ስትመለስ ያው ቁጥር ከ3,000 ብር ወጪ አጠገብ ተጽፎ ታገኘዋለች። በዚያ ቀን ለጨርቅ አቅራቢዋ ወደ ሌላ ባንክ ልካ ነበር። ዝውውሩ ሳይሳካ ቀርቶ ገንዘቡ ተመልሷል እንጂ የከፈላት ደንበኛ የለም። ይልቁንም አቅራቢው ገና አልተከፈለውም። የእኛ ትውስታ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ወረቀቱ በፈረንጅ ስለሆነ፣ ቀኑን ሳይቀይሩ «በዚያ ሰሞን ምንም አልላክሁም» ማለት ቀላል ነው።

ከወጪው ሥር ሌላ 11.50 ብር ተቆርጧል። እንዲህ ያለ ሽርፍራፊ ያለው ገንዘብ ሲያጋጥም ለ1.15 አካፍሉት። እዚህ ላይ 10 ብር ይወጣል፤ 10 ብር የአገልግሎት ክፍያ፣ 1.50 ብር ደግሞ በክፍያው ላይ የታሰበ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ መሆኑን በጥብቅ ያስጠረጥራል። ሌላ ተቀናሽ ተጨምሮበት ከሆነ ስሌቱ አይገጥምም፤ ያን ጊዜ ባንኩ በአጭር መልእክት የላከውን ዝርዝር ማየት ይሻላል። ነጋዴዋ ልብ ማለት ያለባት 3,000ው ሲመለስ 11.50ው አብሮ አለመመለሱን ነው። ዝውውሩ ያልተሳካው በምን ምክንያት እንደሆነ ጠይቃ ክፍያው ይመለስ እንደሆነ ማወቅ መብቷ ነው።

በየወሩ የሚደጋገመውን ትንሽ ተቀናሽ ለማግኘት ግን የአንድ ወር ወረቀት አይበቃም። የሦስት ወር መግለጫ ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ በተቀራራቢ ቀን የሚመላለሰውን ተመሳሳይ ቁጥር መፈለግ ነው። 5.75 ብር በየወሩ ካለ፣ 5 ብር ክፍያና ታክሱ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል፤ በዓመት 69 ብር ይሆናል። የአጭር መልእክት አገልግሎት ወይም የረሳነው ሌላ ምዝገባ ሊሆን ይችላል። የካርድ ክፍያ ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ ሊቆረጥ ስለሚችል በሦስት ወር ውስጥ ላይታይ ይችላል። የማይፈልጉትን አገልግሎት ቅርንጫፍ ሄዶ ማስቋረጥ ይቻላል፤ በሚቀጥለው ወር ወረቀት ላይ መቅረቱን ማረጋገጥ ግን የባለሒሳቡ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ የወጪ መስመር ሳይታወቅ ከቀረ፣ በተለይ ወደማናውቀው ሰው የሄደ ከሆነ፣ ሌላውን ምርመራ ማቆየት ይገባል። መጀመሪያ ባንኩ ደውሎ የሞባይል ባንኪንጉንና ካርዱን ማዘጋት፣ ከዚያ የሪፈረንስ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የገንዘቡን መጠን በጽሑፍ ይዞ ቅርንጫፍ መቅረብ ነው። «ብር ጠፋብኝ» ብሎ ከመናገር ይልቅ ቁጥሩን መስጠት የባንኩ ሠራተኛ በቀጥታ ዝውውሩን ከፍቶ እንዲያይ ያስችለዋል። የማመልከቻውን ቅጂ ማኅተም አስመትታችሁ አስቀሩ።