የወር አበባ ቀን ለምን ይለዋወጣል? ከፎገራ የሩዝ አረም እስከ ጳጉሜን ቆጠራ

በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚታረመው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳው ውኃ ሲተኛበት፣ የወረታና የአካባቢዋ ሴቶች ጎንበስ እንዳሉ ጭቃ ውስጥ ይውላሉ። ያለፈው ዓመት እህል የሚሳሳውም በዚያው ወቅት ነው። በእነዚህ ወራት የወር አበባዋ በአምስት ወይም በስድስት ቀን የዘገየባት ሴት እርግዝና ወይም በሽታ ብትጠረጥር አይፈረድባትም። ነገር ግን መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም አይደለም፤ የሰውነቷ ተራ አሠራር ነው።

ዑደት የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንስቶ ቀጣዩ ደም እስኪጀምር ድረስ ነው። በመካከሉ አንድ እንቁላል በስሎ ይወጣል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ደም እስኪመጣ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሆነ እምብዛም አይለዋወጥም። የሚረዝመውና የሚያጥረው እንቁላሉ እስኪበስል ያለው የመጀመሪያው ክፍል ነው። ስለዚህ የወር አበባ ዘገየ ሲባል፣ በአብዛኛው የዘገየው ከሁለት ሳምንት በፊት መውጣት የነበረበት እንቁላል ነው። ዛሬ ያስጨነቀን መዘግየት ምክንያቱ ያለው ካለፈው ሳምንት በፊት እንጂ ዛሬ አይደለም።

እንቁላሉ እንዲበስል ትእዛዝ የሚሰጠው አንጎል ነው። ሰውነት ከሚበላው በላይ ጉልበት ሲያወጣ፣ ወይም ትኩሳት፣ ኀዘንና ከባድ ጭንቀት ሲያጋጥመው ትእዛዙ ይዳከማል፣ የእንቁላሉ መብሰልም ይዘገያል። ይህ በገበሬ ሴቶች ላይ ተጠንቷል። በፖላንድ ገጠር በመኸር ሥራ የበረታባቸው ሴቶች ከእንቁላል መውጣት በኋላ የሚመነጨው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ቀንሶባቸው ተገኝቷል። በኮንጎ ኢቱሪ ደን የሚኖሩ የሌሴ ገበሬ ሴቶችም በረሃብ ወራት ክብደታቸው ሲቀንስ እንደዚሁ ሆኗል። ሐምሌና ነሐሴን በአረም ለምታሳልፍ የፎገራ ሴት ይህ እንግዳ ነገር አይመስለኝም። ወባ ያመማትም በዚያው ወር ዑደቷ ቢዛባ አያስገርምም።

ታዲያ ስንት ቀን ነው ተራ የሚባለው? ዓለም አቀፉ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን ለአዋቂ ሴት ከ24 እስከ 38 ቀን ያለውን እንደ ተለመደ ይወስዳል። በአጭሩና በረጅሙ ዑደት መካከል ያለው ልዩነትም ከ26 እስከ 41 ዓመት ለሆናት ሴት እስከ 7 ቀን፣ ከዚያ በታችና በላይ ላሉት ደግሞ እስከ 9 ቀን ይፈቀዳል። ሁላችንም የሰማናት 28 ቁጥር አማካይ ብቻ ናት። በ2019 እ.ኤ.አ. ከ600 ሺህ በላይ ዑደቶችን የመረመረ አንድ ጥናት ልክ 28 ቀን የሆኑትን 13 በመቶ ያህል ብቻ አግኝቷል።

እኛ ዘንድ ቆጠራውን የሚያወሳስበው የራሳችን ዘመን አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ የአንዲት የ30 ዓመት ሴት ደም በሰኔ 4፣ በሐምሌ 2፣ በነሐሴ 4፣ በመስከረም 3 እና በጥቅምት 1 ጀመረ እንበል። ቀኖቹ ሲታዩ ሁሌም በወሩ መግቢያ ስለሆኑ የማይዛባ ዑደት ይመስላል። ሲቆጠር ግን 28፣ 32፣ 34 እና 28 ቀን ነው። ከነሐሴ 4 እስከ መስከረም 3 በመካከል 5 የጳጉሜን ቀናት ገብተዋልና 29 ሳይሆን 34 ቀን ሆኗል። ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት ደግሞ 35 ይሆናል። የረዘሙት ሁለቱ ዑደቶች የአረሙን ወራት የሸፈኑት ናቸው፤ ልዩነቱም 6 ቀን ስለሆነ ከተለመደው አልወጣም። በተቃራኒው ጥቅምት 1 ያየችው ሴት ጥቅምት 28 ደግማ ብታይ «በአንድ ወር ሁለት ጊዜ መጣብኝ» ብላ ትደነግጣለች፤ ዑደቷ ግን 27 ቀን፣ ፍጹም ተራ ነው። ስለዚህ የወሩን ቀን ከማስታወስ ቀናቱን መቁጠር ይሻላል።

ይህ ስሌት የማይሠራላቸው አሉ። የሦስት ወር መርፌ የምትወስድ ወይም በክንዷ የሚቀበረውን መከላከያ ያስገባች ሴት ደሟ ቢቀር ወይም ጠብ ጠብ ቢል ከመድኃኒቱ ነው። መርፌውን ካቆመችም በኋላ ዑደቷ ተመልሶ እስኪስተካከል ወራት ሊፈጅ ይችላል። የምታጠባ እናትም እንዲሁ ናት። ከ45 ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ማረጫ ሲቃረብ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል።

ከዚህ ውጭ ዑደቷ ደጋግሞ ከ24 ቀን ያነሰ ወይም ከ38 የበለጠ፣ ደሙ ከ8 ቀን በላይ የቆየ ወይም በመካከል የሚፈስ፣ ወይም ሦስት ወር የቀረ እንደሆነ መመርመር አለባት። የምርመራው የመጀመሪያ ነገር የእርግዝና ምርመራ ነው፤ ቀጥሎ የደም ማነስና የአንገት ዕጢ ችግር ይታያል። ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ስትሄጂ የመጨረሻዎቹን አራት ወይም አምስት ደሞች የጀመሩበትን ቀን ጽፈሽ፣ ካልሆነም በልጅሽ አጽፈሽ ያዢ፤ ጳጉሜንንም መቁጠር አትርሺ።