ሲቪያችሁን ማሽኑ የሚጥለው የት ላይ ነው?

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በውሃ ምህንድስና የተመረቀ፣ ብቃቱን የማልጠራጠረው ወጣት ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች ደጋግሞ አመልክቶ ሲወድቅ ሲቪውን አየሁለት። የምረቃ ዘመኑን ከዲግሪው ላይ እንዳለ 2020 ብሎ ጽፏል። የሥራ ዘመኑን ግን በእኛ አቆጣጠር፦ ከኅዳር 2013 እስከ ሰኔ 2017። ማመልከቻዎችን የሚያጣራው ኮምፒውተር ዓመተ ምሕረት አያውቅም። ስለዚህ ሰውየው ከመመረቁ በፊት ሠርቶ፣ ከምረቃ በኋላ አንድም ቀን ያልሠራ ሆኖ ይነበባል። ትክክለኛው 11/2020 – 06/2025 ነው፤ አራት ዓመት ተኩል ልምድ!

እናንተን የሚጥላችሁ የቱ ችግር እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? መጀመሪያ መልሱ የመጣበትን ሰዓት እዩ። ባመለከታችሁ በደቂቃዎች ውስጥ «አልተመረጡም» ከተባላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጣላችሁ ሲቪው ሳይሆን ቅጹ ላይ የመለሳችሁት ጥያቄ ነው፦ የልምድ ዓመት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የዲግሪ ደረጃ። የሞላችሁትን መልስ ከማስታወቂያው ጋር አስተያዩ።

መልሱ ከዘገየ ወይም ጭራሽ ከቀረ ፒዲኤፉን ክፈቱ፤ Ctrl+A፣ ከዚያ Ctrl+C ብላችሁ Notepad ላይ ለጥፉት። ምንም ካልወጣ ሲቪያችሁ ስካን የተደረገ ፎቶ ነው። የአንዱ መሥሪያ ቤት ስም ከሌላው ቀን ጋር ተደባልቆ ከወጣ ጥፋቱ የሁለት ዓምዱ ወይም የሠንጠረዡ ነው፤ በአንድ ዓምድ እንደገና ጻፉት። ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ቀኖቹን አንድ በአንድ መርምሩ፤ ከዚያም ማስታወቂያው የጠራው ሙያ በዚያው ስሙ ሲቪያችሁ ውስጥ መኖሩን ፈልጉ።

ይህን ሁሉ አልፎም የማይጠራ አለ፤ ያኔ የቀረው የሰው ውሳኔ ነው። ዛሬ ማታ ግን ቀኖቻችሁን አስተካክሉ።