ከ«መሸጥ» ወደ «ሸጥሁ»

የጎረቤቴ ልጅ ሲቪውን ይዞ የመጣው እሁድ ከሰዓት ነው። ብስኩትና ፓስታ ለሱቆች በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ አንድ ዓመት ተኩል በመኪና እየዞረ ሸጧል፤ አሁን ሌላ ቦታ ሊያመለክት ነው። «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይዩልኝ» አለና ሁለት ገጽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እኔ ደግሞ ከዚህ በፊት ለሽያጭ ሥራ የሚያመለክቱ ሰዎችን ወረቀት ለዓመታት ሳገላብጥ ስለኖርሁ፣ ገና ሳላነበው ምን እንደሚል አውቄዋለሁ። ከስሙና ከትምህርቱ ሥር አሥራ አንድ መስመር ተደርድሯል፦ ደንበኞችን መጎብኘት፣ ትዕዛዝ መቀበል፣ ዱቤ መሰብሰብ፣ ሽያጭ ማሳደግ፣ ወርሃዊ ሪፖርት ማቅረብ፣ ከደንበኞች ጋር መልካም ግንኙነት መፍጠር፣ ሌላም ሌላም።

ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው አልደበቀኝም። ሲቀጠር ከውሉ ጋር አያይዘው ከሰጡት የሥራ መዘርዝር ላይ ገልብጦታል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ያ ወረቀት ከእሱ በፊት በዚያ መኪና ለዞረው ልጅም ተሰጥቷል፤ ከእሱ በኋላ ለሚመጣውም ይሰጣል። በሦስት ወሩ ሽያጭ አቅቶት የተሰናበተ ሰው እንኳ እነዚያኑ አሥራ አንድ መስመሮች ሳይዋሽ መጻፍ ይችላል። ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው ግን የቱ የቱ እንደሆነ ነው።

አማርኛችን ራሱ ይህን ያሳብቃል። መጎብኘት፣ መቀበል፣ ማሳደግ፤ እነዚህ ባለቤት የላቸውም፣ ጊዜም የላቸውም። ማን ጎበኘ? መቼ? ስንት? «ጎበኘሁ»፣ «አሳደግሁ» ብሎ መጻፍ ሲጀምር ግን ጥያቄው ራሱ ይከተለዋል። «አሳደግሁ» ያለ ሰው ከስንት ወደ ስንት ሳይል ዓረፍተ ነገሩን መዝጋት ያሳፍረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ያስደረግሁት እያንዳንዱን መስመር በ«ሁ» እንዲጨርስ ነው። ከአሥራ አንዱ ስድስቱ እዚያው ወደቁ። «ሪፖርት አቀረብሁ»፣ ታዲያ ምን ይጠበስ? ሪፖርት ያላቀረበማ ደመወዝም አይከፈለው።

«የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ ይወጣል» ብሎ ነበር። አይወጣም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011 ማለት ነው፣ አሠሪው በምስክር ወረቀቱ ላይ እንዲገልጽ የሚገደደው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ነው። እንዴት ሠራ የሚለው ግዴታው አይደለም፤ አብዛኛውም አይጽፈውም። ውጤቱን ሠራተኛው ራሱ ካላወራው ማንም አያወራለትም።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ ልጁ ፊቱ በራ። «ሽያጩን እጥፍ አድርጌዋለሁ» አለ። (ማንነቱ እንዳይታወቅ ቁጥሮቹን ነካ ነካ አድርጌያቸዋለሁ፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።) ሥራውን በጀመረባቸው ሦስት ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር 2016፣ በወር በአማካይ 610,000 ብር ይሸጥ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ 2017፣ 1,220,000 ብር ደርሷል። መቶ በመቶ! በብዕር ሊጽፈው ሲል እጁን ያዝሁት።

«ካርቶኑ ስንት ነበር?»

ሲጀምር 500 ብር፣ ሲለቅ 800 ብር። በመሃል ምን እንደሆነ አንባቢ አይረሳውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ነገር የገባበት ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተነካ። እንግዲህ 610,000ን ለ500 ስናካፍል 1,220 ካርቶን እናገኛለን፤ 1,220,000ን ለ800 ስናካፍል ደግሞ 1,525። ልጁ በእውነት ያሳደገው 25 በመቶ ነው። የቀረውን ያሳደገው ዋጋው ነው።

ፊቱ ጠቆረ። እኔ ግን 25 በመቶውን ከመቶው እመርጣለሁ። ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው የሽያጭ ኃላፊም በዚያው ዓመት በዚያው ገበያ ውስጥ ነበር፤ የራሱ ብር ምን ያህል እንዳበጠ ያውቃል። «መቶ በመቶ» ሲያነብ መጀመሪያ የሚያስበው «ይህ ሰው ዋጋና ሽያጭ አይለይም» ብሎ ነው። በአገራችን ለሽያጭ ሰው ከመለኪያ ሁሉ የከፋው ብር ነው ብል አላጋነንሁም። ካርቶን፣ ኩንታል፣ የሱቅ ብዛት፣ ኮታው የተመታባቸው ወራት፤ እነዚህ ዓመት ቢለወጥም አይዋሹም።

የመጀመሪያና የመጨረሻ ሦስት ወራትን አማካይ የወሰድነውም ያለምክንያት አይደለም። በመሃል የአንድ ተፎካካሪ ፋብሪካ ዕቃ ለሁለት ወር ከገበያ ጠፍቶ የእሱ ሽያጭ ሰማይ ነክቶ ነበር። እነዚያን ወራት መርጦ ቢጽፍ ቁጥሩ ያምር ነበር፤ «ያን ጊዜ እነ እገሌ ዕቃ አልነበራቸውም እኮ» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ግን መልስ የለውም። አንድ ወር ብቻውን ደግሞ በዓል ይዞት ሊወጣ፣ ጾም ይዞት ሊወርድ ይችላል።

ቀጥሎ ዱቤ። በዚህኛው ልጁ ሊኮራ ሲገባው አፍሮ ነበር። መስመሩን ሲረከብ ሱቆች ላይ የተንጠለጠለው ዱቤ 305,000 ብር ነው፤ ሲያስረክብ 244,000። «ብዙ አልቀነስሁም» አለኝ። እዚህ ደግሞ ብሩ በተቃራኒው ነው የዋሸው። ሲረከብ በወር የሚሸጠው 610,000 ስለነበር ዱቤው የግማሽ ወር ሽያጭ ነው፤ የ15 ቀን። ሲያስረክብ በወር 1,220,000 ይሸጥ ስለነበር 244,000 የአንድ አምስተኛ ወር ነው፤ የ6 ቀን። ሱቆቹ ላይ የሚተኛው ገንዘብ ከ15 ቀን ወደ 6 ቀን ወረደ ማለት ነው። ይህን የሚያነብ አከፋፋይ ከሽያጩ ይልቅ በዚህ ይደነቃል፤ በባንክ ብድር ዕቃ የሚገዛ ሰው ነውና።

«እንዴት አደረግኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። የቀድሞው ዱቤ ግማሹ ሳይከፈል አዲስ ዕቃ ከመኪና አላራግፍም ማለት ጀምሮ ነበር። ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቁት፣ አንዳንዶቹ ፊት ነሱት፣ ከዚያ ለመዱት። ይህች አንዲት ነገር ወረቀቱ ላይ መግባት አለባት። ቁጥር ብቻውን ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን ያመጣው ድርጊት አጠገቡ ሲቆም ነው ሰውዬው የሚታየው።

«ግን ማስረጃው ሁሉ መሥሪያ ቤቱ ቀርቷል» ሲል መጀመሪያ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ሁሉም እንዲህ ይላል። ስንፈልግ ግን የደመወዝ ወረቀቶቹ ተገኙ። ኮሚሽን የሚከፈለው ኮታ ሲመታ ብቻ ስለሆነ፣ ኮሚሽን ያለባቸውን ወራት ቆጠርን፤ ከ18 ወር 13ቱ። ኮታው የሚሰጠው በካርቶን በመሆኑም የዋጋ ጣጣ የለበትም። ከዚያ ስልኩን ከፈተ፤ ማታ ማታ ለሱፐርቫይዘሩ በቴሌግራም የላከው የዕለት ሽያጭ አለ። የሱቆቹን ብዛት ያገኘነው መኪናው ውስጥ ይይዘው ከነበረ ደብተር ነው። የተረከበው ስም ዝርዝር 140 ሱቅ ይላል፤ ከነዚያ በእርግጥ የሚገዙት 96 ብቻ ነበሩ፣ የቀሩት የተዘጉ ወይም ያኮረፉ ናቸው። ሲለቅ የሚገዙት 128 ሆነዋል። መነሻውን 140 ቢያደርገው ወደ ኋላ የሄደ ይመስል ነበር።

አንድ ነገር ከለከልሁት። የባለሱቆቹን ስምና ማን ስንት እንደሚወስድ የሚያሳየውን ዝርዝር ለአዲሱ ቀጣሪ ሊያሳይ አስቦ ነበር። ያ የድርጅቱ ንብረት ነው። ደግሞ የድሮ ቤቱን ምስጢር ይዞ የመጣን ሰው የሚቀጥር ኃላፊ፣ ነገ የእኔንም ይዞ ይሄዳል ማለቱ አይቀርም። ጠቅላላ ድምርና ንጽጽር ይበቃል፤ የብር መጠኑም ወረቀቱ ላይ አልገባም።

ሲመሽ አሥራ አንዱ መስመር አራት ሆኖ ነበር፦

ከአየር ጤና እስከ ጀሞ ባለው መስመር ወርሃዊ ሽያጭን በ18 ወር ውስጥ ከ1,220 ወደ 1,525 ካርቶን አሳደግሁ።

ከሚገዙ 96 ሱቆች ተነሥቼ 128 አደረስሁ፤ አዲሶቹን ያገኘሁት ሰው እየገባባቸው ያሉ ኮንዶሚኒየሞችን በየሳምንቱ ቅዳሜ በእግር በመዞር ነው።

የቀድሞው ግማሽ ሳይከፈል አዲስ ዕቃ አለማራገፍን አስለምጄ፣ የመስመሩን ዱቤ ከ15 ቀን ሽያጭ ወደ 6 ቀን አወረድሁ።

በካርቶን የተሰጠኝን ወርሃዊ ኮታ ከ18 ወር በ13ቱ መታሁ።

ሦስተኛውን መስመር ሦስት ጊዜ አንብቦ «ይሄ እኔ ነኝ?» አለ። አራተኛውን ሊያወጣው ፈልጎ ነበር፤ አምስቱ ያልተመቱ ወራት ይታያሉ ብሎ። እንዲተወው የመከርሁት እኔ ነኝ። 18 ከ18 የሚል ወረቀት ሳይ ኮታው ቀላል ነበር ወይም ሰውዬው ዋሽቷል እላለሁ። «መልካም ግንኙነት መፍጠር» ግን ወጣ፤ 32 አዲስ ሱቅ ያመጣ ሰው ግንኙነት እንደሚችል መናገር አያስፈልገውም። ቁጥር ያልተገኘለት አንድ ሥራም ነበር፣ ሁለት አዳዲስ ልጆችን መኪና ላይ አሠልጥኗል። እሱን ያለቁጥር በአጭሩ ከታች ጻፍነው። ሁሉንም ነገር በመቶኛ ማስገደድ ሌላ በሽታ ነው፤ ከሁለት ደንበኛ ወደ ስምንት የሄደ ሰው «300 በመቶ» ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከቃለ መጠይቁ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት። ያዘጋጀንለትን ጥያቄ አንዱንም አልጠየቁትም። ኃላፊዋ ወረቀቱን አየች፣ ስልኳን አውጥታ አካፈለች፣ ከዚያ «ስትጀምር አንዱ ሱቅ 13 ካርቶን ገደማ ይወስድ ነበር፣ ስትለቅ 12 አይሞላም። ለምን ወረደ?» አለችው። እኔም አላሰብሁትም ነበር። እሱ ግን ሥራው የራሱ ነውና አልተደናገጠም፤ የድሮዎቹ ሱቆች እንዳሉ ናቸው፣ አዲሶቹ ግን ኮንዶሚኒየም ሥር ያሉ ጠባብ ሱቆች ስለሆኑ ከዘጠኝና ከዐሥር ካርቶን በላይ ማስቀመጫ የላቸውም አላት። ጻፈችው። ቀጥላ የጠየቀችው ስለ ጀሞ ሱቆች ነው፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚከፍቱ።